ደላላው የላከልን የኤጀንሲ ፈቃድ እውነተኛ መሆኑን በምን እናረጋግጥ?

ታላቅ ወንድም (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 22 ዓመቷ ነው፤ ዱባይ ልትሄድ ተነሥታለች። የሰፈራችን ሰው ያገናኛት አንድ ደላላ «ትልቅ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሥራ፣ ደመወዝ 2,500 ድርሃም፣ ምግብና መኝታ በአሠሪው፣ ቪዛው በዐሥር ቀን ይወጣል» ብሏታል። ጠቅላላ ክፍያው 95,000 ብር ሲሆን 30,000 ብሩ አሁኑኑ «ለቪዛ ማስያዣ» ይከፈላል፤ ቀሪው ቪዛው ሲመጣ። ገንዘቡ የሚገባው ግን በኤጀንሲው ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «የኤጀንሲው ሒሳብ ሹም ነው፤ በድርጅቱ ሒሳብ ከገባ ግብር ይበዛል» አለኝ።

ማረጋገጫ ይሁናችሁ ብሎ የኤጀንሲውን ፈቃድ ፎቶ በቴሌግራም ልኮልናል። የሚኒስቴሩ ዓርማ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ ፊርማም አለው። የኤጀንሲውን ስም ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው በእርግጥም አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ድርጅት ነው። እናታችን ላሟን ልትሸጥ ገዢ አነጋግራለች። እኔ የምፈልገው ይህ ፈቃድ እውነተኛ መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ ነው። እስከ ዐርብ ካልከፈልን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብለናል።

ነጋዴው

ወንድሜ፣ ይህ ቀላል ነው። etrade.gov.et ላይ ግባና የድርጅቱን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም የንግድ ፈቃድ ቁጥሩን አስገባ። የድርጅቱ ስም፣ የተሰማራበት የንግድ ዘርፍና ፈቃዱ መታደሱ ይወጣልሃል። እኔ ዕቃ ከማላውቀው ሰው ስገዛ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው። ከወጣ ሕጋዊ ነው፤ ካልወጣ ሌባ ነው።

ዘይነብ (ከሪያድ የተመለሰች)

ላሟን አትሽጡ። በመጀመሪያ ይህንን ልበል፤ ሌላውን በኋላ እጽፋለሁ።

የቀድሞ ጉዳይ አስፈጻሚ

አንድ ኤጀንሲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠራተኞችን ሰነድ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ፤ አሁን ሥራውን ትቼዋለሁ። ነጋዴው የጠቀሰው ድረ ገጽ ጠቃሚ ነው፤ ይሁንና የሚያሳየው የንግድ ፈቃድን ነው። ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚያስፈልገው ፈቃድ ሌላ ነው፤ እሱን የሚሰጠው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ክፍተት ነው። «የማማከር አገልግሎት» ወይም «የጉዞ ወኪል» የሚል የንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ እሱን በመስተዋት ፍሬም ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሠራተኛ የሚመዘግብ ቢሮ ሞልቷል። የንግድ ፈቃዱን ድረ ገጹ ላይ ብትፈልገው ይወጣል፤ እውነተኛም ነው። ሰው ወደ ውጭ ለመላክ ግን አያገለግልም።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። የላኩልህ ፎቶ ከሚኒስቴሩ የተሰጠ እውነተኛ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ፎርጅድ ፈቃድ መሥራት ድካም አለው፤ የሌላ ሰው እውነተኛ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት ግን ምንም ድካም የለውም። ኤጀንሲዎች ፈቃዳቸውን ቢሯቸው ውስጥ ለእይታ ስለሚሰቅሉት፣ ባለጉዳይ መስሎ የገባ ሁሉ በስልኩ ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ብቻ ብታረጋግጥ ገና ምንም አላረጋገጥክም። ሦስት ጉዳዮች መያያዝ አለባቸው፤ ፈቃዱ ከኤጀንሲው ጋር፣ ደላላው ከኤጀንሲው ጋር፣ የእህትህ ሥራ ደግሞ ከኤጀንሲው ጋር። ከሦስቱ አንዱ ከተቆረጠ የቀሩት አይጠቅሙም።

ለጊዜው ግን ቪዛውን ማን ነው የሚከፍለው? የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪዎቹን ለሁለት ከፍሏቸዋል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ፣ የመድን ሽፋን በአሠሪው ላይ ናቸው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ፣ የብቃት ማረጋገጫ ምዘና እና የመሳሰሉትን ነው። እነዚህን ደግሞ ለየመሥሪያ ቤቱ ራሷ ከፍላ በስሟ ደረሰኝ ትቀበላለች። እንግዲህ ሰውየው «ለቪዛ ማስያዣ» ብሎ 30,000 ብር ሲጠይቅ፣ ፈቃዱ እውነተኛም ቢሆን ሐሰተኛ፣ የጠየቀው ሕግ የሚከለክለውን ነው። ለዚህ ድረ ገጽ መክፈት አያስፈልግም።

ነጋዴው

ስለ ሁለቱ ፈቃዶች ልዩነት አመሰግናለሁ፤ እኔ አንድ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ልጨምር። ኤጀንሲዎች ፈቃድ ሲያወጡ በዝግ የባንክ ሒሳብ ከፍተኛ ዋስትና ያስይዛሉ፤ በ2008ቱ አዋጅ 100,000 የአሜሪካን ዶላር ወይም ተመጣጣኙ ብር ነበር። ስለዚህ ኤጀንሲው እውነተኛ ከሆነ ልጅቷ ብትጎዳም ከዋስትናው ትካሳለች ማለት ነው። ያን ያህል መፍራት አያስፈልግም።

የቀድሞ ጉዳይ አስፈጻሚ

ዋስትናው አለ፤ ልክ ነህ። ግን የሚጠብቀው ማንን ነው? በዚያ ኤጀንሲ በኩል ውሏ ቀርቦ የጸደቀላትን ሠራተኛ ነው። ለደላላ በግለሰብ ሒሳብ የገባ 30,000 ብር በኤጀንሲው መዝገብ ውስጥ የለም። ኤጀንሲው «ሰውየውን አላውቀውም፣ ልጅቷንም አላውቃትም» ሲል ምን ይዘህ ትከራከራለህ? የባንክ ደረሰኙ ላይ ያለው የሌላ ሰው ስም ነው። ሒሳብ ሹም ነው የተባለው ሰው ቢከሰስ እንኳ «ብድር ነው የመለሱልኝ» ሊል ይችላል፤ እንዲህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ካናዳ ናፋቂ

እኔ ደግሞ የካናዳ ጉዳይ አለኝ። አጎቴ ቶሮንቶ ነው፤ ግብዣ ሊልክልኝ ይችላል። በዚህ ላይ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ያስፈልገኛል? አንድ ቢሮ ፎርም ለመሙላት ብቻ 40,000 ብር ጠየቀኝ።

የቀድሞ ጉዳይ አስፈጻሚ

ወንድሜ፣ የአንተ የጉብኝት ቪዛ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ክር ጋር አይገናኝም። ቅጹን ራስህ መሙላት ትችላለህ። ቢሮው «ከሄድክ በኋላ ሥራ እናገኝልሃለን» ካለህ ግን ያን ጊዜ ጉዳዩ ተገናኘ ማለት ነው። በአዋጁ መሠረት የሥራ ስምሪት የሚፈጸመው አገራችን የሁለትዮሽ ስምምነት ከፈረመችባቸው አገሮች ጋር ነው። «ለካናዳና ለፖላንድ ሠራተኛ እንልካለን» የሚል ቢሮ ሲያጋጥምህ በየትኛው ስምምነት እንደሆነ ጠይቀው። መልሱን ሳይሆን ፊቱን ተመልከት።

ታላቅ ወንድም (ኮምቦልቻ)

ስለ መልሶቻችሁ አመሰግናለሁ። ፎቶውን በደንብ አየሁት። ወረቀቱ ከታች በኩል ተቆርጧል፤ ማኅተሙ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ያለበት ቦታ አይታይም። ሙሉውን እንዲልክልኝ ስጠይቀው «ሙሉው ቢሮ ነው ያለው» አለ። ሌላም ነገር አለ። ትናንት ማታ የሌላ ልጅ ቪዛ ነው ብሎ ናሙና ልኮልናል፤ ባለፈው ሳምንት የላካት ናት አለ። እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም፤ የጉዞው ዓላማ በሚለው ቦታ ላይ ቱሪዝም የሚል ቃልና 60 ቀን የሚል አለው። ይህ ምን ማለት ነው? «ሁሉም በዚህ ነው የሚገባው፣ እዚያ ሲደርሱ ወደ ሥራ ይቀየራል» ይላል።

ዘይነብ (ከሪያድ የተመለሰች)

ይኸውልህ። ይህ የጉብኝት ቪዛ ነው። ልጅቷ በ60 ቀን ውስጥ አሠሪ ካላገኘች ሕገ ወጥ ሆነች ማለት ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠርባታል። በሁለት ወር ብቻ 3,000 ድርሃም ይሆናል። ያን ጊዜ ያመጣት ሰው «ቅጣትሽን እኔ እከፍላለሁ፣ አንቺ ሠርተሽ ትመልሽልኛለሽ» ይላታል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ እህትህም ልታነበው ትችላለች።

እኔ የሄድኩት በሕጋዊ መንገድ ነበር፤ የቤት ሠራተኛ ሆኜ፣ ሪያድ። መንገዱ ረጅምና አሰልቺ ነበር። መጀመሪያ ወረዳችን ተመዝገቢ ተባልኩ፤ የጣት አሻራ ሰጠሁ፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ ቁጥር ተሰጠኝ። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ሠለጠንኩ። ምጣድ እንዴት እንደሚታጠብ የምታውቅ ሴት ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈተና ስትፈተን ያስቃል፤ የማሽኑ ቁልፎች በዓረብኛ ስለነበሩ ግን ኋላ ጠቀመኝ። ምዘናውን ካለፍኩ በኋላ ሕክምና፣ ከዚያ ውል። ውሉን በአማርኛ አነበብኩት፤ ደመወዙ 1,000 ሪያል ይላል። ደላላው መጀመሪያ ላይ 1,800 ብሎኝ ነበር። ውሉ ላይ የተጻፈው ነው የሚከፈለው፤ በአፍ የተነገረው በአፍ ይቀራል።

የሆቴል ጽዳት 2,500 ድርሃም የሚለው ለእኔ ከንቱ ነው። ዱባይ የነበሩ ጓደኞቼ ለጽዳት ከዚያ ግማሹን እንኳ አላገኙም።

ሻርጃ ነዋሪ

ሰዎች፣ ሰውን አታስፈራሩ። እኔ ራሴ በጉብኝት ቪዛ ገብቼ በሁለተኛው ወር ወደ ሥራ ቪዛ ቀይሬአለሁ፤ ይህ በኤምሬትስ ሕግ የሚፈቀድ ነው፣ ወንጀል አይደለም። አገር ቤት ቁጭ ብለን ኤጀንሲ ስንጠብቅ ስንት ዓመት ያልፋል? ሕጋዊ መንገድ የሚባለውም ለቤት ሠራተኛ እንጂ ለሆቴል ሥራ እምብዛም አይደለም። ደላላው ሌባ ሊሆን ይችላል፤ የመጣበት መንገድ ግን ብዙ ሐበሻ የገባበት ነው።

የቀድሞ ጉዳይ አስፈጻሚ

ሻርጃ ነዋሪ፣ ሁለት ነገር ቀላቅለሃል። ቪዛን እዚያው መቀየር እንደሚቻል አልክድም። ነገር ግን አንተ በራስህ ገንዘብና በራስህ ውሳኔ ሥራ ልትፈልግ ሄድክ። ይህች ልጅ ግን «ሥራው ተገኝቷል፣ ሆቴሉ ይጠብቅሻል» ተብላ ነው የምትሄደው። ሥራው በእርግጥ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ አሠሪው የሥራ መግቢያ ፈቃድ ያወጣላት ነበር። አሠሪ ያላት ሠራተኛ በቱሪስት ቪዛ የምትገባበት ምክንያት የለም። ቱሪስት መሆኗ አሠሪ እንደሌለ ይናገራል።

ታላቅ ወንድም፣ አንተ ደግሞ የሚከተለውን በቅደም ተከተል አድርግ። መጀመሪያ ፎቶው ላይ ያለውን የኤጀንሲ ስም ወስደህ የኤጀንሲውን ስልክ ራስህ ፈልግ፤ ደላላው በሰጠህ ቁጥር አትደውል። ደላላው የሚሰጥህ «የኤጀንሲው ሥራ አስኪያጅ» አጠገቡ የተቀመጠ ጓደኛው ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ዘመድ ካለህ በእግሩ ቢሄድልህ የተሻለ ነው። ቢሮው ሲደርስ «ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ እንዳይጠይቅ፤ እንዳለ ታውቃለህ። የሚጠይቀው «እገሌ የሚባል ሰው በኮምቦልቻ የእናንተ ሠራተኛ ነው? ከሆነ በደብዳቤ ግለጹልኝ» ብሎ ነው። የኤጀንሲ ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ አይከራይም። ኤጀንሲው በአፍ «አዎ፣ ከእኛ ጋር ይሠራል» ብሎ በጽሑፍ ለመስጠት ካመነታ፣ ደላላው ሰው እየሰበሰበ የሚያቀብላቸው ሰው ነው ማለት ነው፤ ነገር ሲበላሽ ይክዱታል።

ሁለተኛው የሚኒስቴሩ ምዝገባ ነው። lmis.gov.et የሚባለው የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ ሠራተኛዋ በስሟና በአሻራዋ ትመዘገባለች፤ ኤጀንሲዎችም በዚያው ሥርዓት ውስጥ ይሠራሉ። እህትህ እስካሁን ምዝገባ፣ አሻራ፣ ሥልጠና የሚባል ነገር ነክታለች? ካልነካች ዐሥር ቀን አይደለም፣ ዐሥር ሳምንትም ላይበቃ ይችላል። ከተማችሁ ውስጥ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ስሙ በየክልሉ ትንሽ ይለያያል፣ የኤጀንሲውን ስም ብትሰጡት ፈቃዱ ያልታገደ መሆኑን፣ ወደ የትኛው አገር ሠራተኛ ለመላክ እንደሚሠራ ሊያጣራላችሁ ይገባል። መታገዱን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚኒስቴሩ ኤጀንሲ ሲያግድ ወረቀቱ ከግድግዳው በራሱ አይወርድም፤ ዛሬ የተነሣ ፎቶ የትናንትን ሁኔታ ነው የሚያሳየው። የተቆረጠው የፎቶው ታችኛው ክፍልም ለዚህ ነው ያጠራጠረኝ።

ሦስተኛው ውሉ ነው፤ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ይቋጫል። ውሉ ላይ የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ ደመወዝ፣ የሥራ ዓይነትና የኤጀንሲው ስም ይኖራል፤ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ጸድቆ በእህትህ ስም ይመዘገባል። ኤምሬትስ ከሆነ የዚያ አገር የሰው ኃይል ሚኒስቴር የሚያወጣው የቅጥር ግብዣ ሰነድ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ mohre.gov.ae ላይ ይጣራል። የቤት ሠራተኛ ሆና ሳዑዲ የምትሄድ ደግሞ ውሏ ሙሳነድ በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት ሥርዓት ውስጥ ቁጥር ይኖረዋል። ደላላው «ውሉን እዚያ ስትደርስ ትፈርማለች» ካለ፣ ውል የለም።

ነጋዴው

ስለ ቅጥር ግብዣ ሰነዱ ስትጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የኤምሬትስ የ2021 የሥራ ሕግ አሠሪ ከሠራተኛ የቅጥር ወጪ እንዳይሰበስብ ይከለክላል። ስለዚህ ሆቴሉ ራሱ ነው 95,000 ብሩን የሚቀበለው ቢባል እንኳ እዚያም ጥፋት ነው ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሆቴሉ ማን እንደሆነ ደላላውን ጠይቀኸዋል? ስሙን ይናገር።

ታላቅ ወንድም (ኮምቦልቻ)

የሆቴሉን ስም ጠየቅሁት። «ምስጢር ነው፤ ሌሎች ኤጀንሲዎች ይወስዱብናል» አለ። እህቴም አሻራ የሚባል ነገር አልሰጠችም። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነገ ወደ ኤጀንሲው ይሄዳል።

አሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ፓስፖርቷ እሱ ጋር ነው። «ለቪዛ ቀጠሮ» ብሎ ባለፈው ሳምንት ወስዶታል።

ዘይነብ (ከሪያድ የተመለሰች)

ፓስፖርቱን አስመልስ። ሌላውን ሁሉ ተወው፤ መጀመሪያ እሱን። ፓስፖርቱን የያዘ ሰው ገንዘብ ካልከፈላችሁ አልሰጥም ማለት ይጀምራል።

የሕግ ተማሪ

አዋጁን አንብቤዋለሁና ስለ ፓስፖርቱ ልጨምር። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ እንኳ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ የጉዞ ሰነዷን መያዝ አይችልም። ፈቃድ የሌለው ግለሰብ ደግሞ ሰው ለሥራ ወደ ውጭ ለመላክ መመልመሉ ራሱ ወንጀል ነው። በ2012 የወጣው በሰው የመነገድና በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178 አለ። ስለዚህ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ «በሰው የመነገድ ወንጀል» ብላችሁ አመልክቱ።

የቀድሞ ጉዳይ አስፈጻሚ

አዋጁን ጠቅሰሃል፣ ጥሩ። ግን ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ የወንጀሉን ስም መጥራት የቤተሰቡ ሥራ አይደለም። የሆነውን ይናገሩ፤ ስሙን ዐቃቤ ሕግ ይስጠው። ልምዴ የሚለኝ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ደላላውን በሰላም «ፓስፖርቱ ለክትባት ካርድ ይፈለጋል፣ ለሁለት ቀን መልስልን» በሉት። ካልተከራከረ መለሰ። ካልመለሰ በዚያው ቀን ወደ ፖሊስ። ቴሌግራም ላይ የጻፈውን ሁሉ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን፣ የፈቃዱን ፎቶ፣ የቪዛ ናሙናውን ከአሁኑ ወደ ሌላ ስልክ አስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል።

ሻርጃ ነዋሪ

ውሸት ተናገሩ እያልክ ነው?

የቀድሞ ጉዳይ አስፈጻሚ

ፓስፖርቱ የእሷ ነው። ምክንያት መስጠት እንኳ አይጠበቅባትም።

የሕግ ተማሪ

እኔ በዚህ አልስማማም። ተንኮል ውስጥ ሳይገቡ በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል፤ ምስክር ይዘው። በኋላ ፍርድ ቤት ቢደርስ «ራሳቸው ዋሽተውኛል» ማለቱ አይቀርም።

ካናዳ ናፋቂ

ይቅርታ፣ ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስና፣ ያ ቢሮ «ካናዳ ያለ አሠሪ የቅጥር ማረጋገጫ አለን» ብሎ ወረቀት አሳየኝ። ይህስ እንዴት ይጣራል? 40,000 ብሩን ገና አልከፈልኩም።

ነጋዴው

ወንድሜ ካናዳ፣ የአንተም ሰው ስምምነት ስለሌለው አገር ነው የሚያወራው፤ ከላይ ተመልሶልሃል። አትክፈል።

ዘይነብ (ከሪያድ የተመለሰች)

ሌላ አንድ ነገር። ደላላው «ዱባይ» ሲል በእርግጥ ዱባይ መሆኑን አይታችኋል? አንዳንዱ ዱባይ ብሎ ያስነሣና ኦማን ወይም ከዚያ ያለፈ ቦታ ያደርሳል። ታይላንድ በኮምፒውተር ሥራ እንቀጥራለን ተብለው ምያንማር ውስጥ በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ውስጥ የተያዙ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች በዜና ተነግሯል። እነዚያም መጀመሪያ የታያቸው ቪዛና ደመወዝ ነው። ትኬቱን የሚቆርጠው ማን ነው፣ የመጨረሻ መድረሻው የት ነው፣ መመለሻ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የደርሶ መልስ ትኬት በአሠሪው ነው ተብሎ ከላይ ተጽፏል፤ መሄጃ ብቻ ከሆነ ያውም አንድ ምልክት ነው።

ታላቅ ወንድም (ኮምቦልቻ)

ሁለት ቀን ዘገየሁ፤ ይቅርታ።

የአክስቴ ልጅ ኤጀንሲው ቢሮ ደረሰ። ቢሮው አለ፣ ፈቃዱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የሚያበቃበት ቀንም ገና ነው። ነገር ግን ፈቃዱ ስር ያለው ስልክና ደላላው ፎቶው ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው ስልክ አይመሳሰሉም። በቀይ የተጻፈው የእሱው የራሱ ነው። ጸሐፊዋ የደላላውን ስም ስትሰማ «እሱን ተዉት» ብላ ዝም አለች፤ ታውቀዋለች ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን «ሠራተኛችን አይደለም፤ በኮምቦልቻ ወኪል የለንም» አለ። በጽሑፍ ስጡን ሲባል «የማናውቀውን ሰው አናውቀውም ብለን ደብዳቤ አንጽፍም» አለ። በተጨማሪም እነሱ የሚልኩት ሳዑዲ ለቤት ሠራተኛ ብቻ መሆኑን፣ የዱባይ ሆቴል የሚባል ሥራ እጃቸው ላይ እንደሌለ ነገረው።

ፓስፖርቱን እኔና አጎታችን ሄደን በቀጥታ ጠየቅነው፤ ውሸት አልተናገርንም። መጀመሪያ ላይ «አዲስ አበባ ነው ያለው» አለ። አጎቴ ስልኩን አውጥቶ መደወል ሲጀምር ከጓዳ አወጣው። ገንዘብ አልከፈልንም ነበርና የምንጠይቀው ሌላ ነገር አልነበረም።

አሁን የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። ከእህቴ ጋር አብረው የተመዘገቡ አራት ልጆች አሉ፤ ሁለቱ 30,000 ብራቸውን ከፍለዋል። የእነሱን ጉዳይ ለማን ነው የምንናገረው? ቤተሰቦቻቸው «ዐርብ ቪዛችን ይመጣል፤ አትረብሹን» እያሉ ነው።

የቀድሞ ጉዳይ አስፈጻሚ

ጸሐፊዋ «ተዉት» ማለቷን ልብ በል። ሥራ አስኪያጁ አላውቀውም ማለቱን ግን እንደ ሙሉ መልስ አትውሰደው። ኤጀንሲው ስሙ እየተነገደበት መሆኑን ካወቀ ለሚኒስቴሩ ማመልከት ያለበት ራሱ ነው፤ ፈቃዱ ነው አደጋ ላይ የወደቀው። ያንን ካላደረገ ወይ ደንታ የለውም፣ ወይ አንዳንዴ ከሰውየው ሠራተኛ ይቀበላል። የትኛው እንደሆነ እኔም ከዚህ ሆኜ አላውቅም።

የሁለቱ ልጆች ጉዳይ የሚቀርበው በከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትና በፖሊስ ነው። የከፈሉበት የባንክ ደረሰኝ የግለሰቡ ስም ስላለበት ተጨባጭ ማስረጃ ነው፤ ደረሰኙ ሳይጠፋ ኮፒ ይደረግ። ችግሩ አቤቱታ አቅራቢዎቹ እነሱ መሆን አለባቸው። አንተ ጠቋሚ ነህ እንጂ ተበዳይ አይደለህም።

የሕግ ተማሪ

ጠቋሚም ቢሆን ፖሊስ መመርመር ይችላል፤ የግድ ተበዳይ መቅረብ የለበትም። እንዲህ ያለ ወንጀል በግል አቤቱታ ብቻ የሚነሣ አይመስለኝም።

የቀድሞ ጉዳይ አስፈጻሚ

በሕጉ ልክ ልትሆን ትችላለህ። በጣቢያው በር ላይ ግን «ከፋዮቹን አምጡ» ነው የሚባለው።

ዘይነብ (ከሪያድ የተመለሰች)

ታላቅ ወንድም፣ የልጆቹን እናቶች ሳይሆን ልጆቹን ራሳቸውን አናግር። እናቶች ቀድሞውኑ ተበድረው ከፍለዋል፤ እውነቱን መስማት አይፈልጉም። እህትህ ከእነሱ ጋር የምትገናኝ ከሆነ ያንን የቪዛ ናሙና ታሳያቸው፤ ቱሪዝም የሚለውን ቃል በጣቷ ታሳያቸው። ስልኬን በግል መልእክት ልኬልሃለሁ፤ ልጆቹ መደወል ከፈለጉ ማታ ማታ አለሁ።

ታላቅ ወንድም (ኮምቦልቻ)

አንዷ ልጅ ዛሬ ከእህቴ ጋር መጣች። ደረሰኟን ይዛለች። ሌላዋ ግን ስልክ አታነሣም፤ አዲስ አበባ ሄዳለች ይላሉ። ነገ ጠዋት ከመጣችው ልጅ ጋር ጽሕፈት ቤቱ እንሄዳለን።

ሻርጃ ነዋሪ

አዲስ አበባ የሄደችው ልጅ በየትኛው በረራ እንደምትነሣ ለማወቅ ሞክሩ። ሻርጃ ወይም ዱባይ ከሆነ የምትወርደው ስሟን በግል ላኩልኝ፤ እዚህ ያሉ ልጆች ጋር እደውላለሁ።